ፊደል ገበታው ራሱ ያርማል፦ በአሥራ ስድስት የሚደመረው የኮምፒውተር ቁጥር

«12F8 ሲደመር 8 ስንት ነው?»

ኮምፒውተር የሚማር ልጅ ባለበት ቤት ይህን የመሰለ ጥያቄ ደብተር ላይ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ብዙ ወላጅ ግን ደብተሩን አየት አድርጎ «ይሄ ሒሳብ ነው እንግሊዝኛ?» ይልና መልሶ ያስቀምጠዋል። ቁጥር መሀል F ምን ይሠራል? ፊደልስ ከቁጥር ጋር እንዴት ይደመራል?

እኔ እዚህ ቤቴል ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር፣ በዚህ ጥያቄ ከልጆቹ ይልቅ የሚጨነቁት ወላጆችና አያቶች መሆናቸው ነው። «እኛ በማናውቀው ምን እናግዛቸዋለን?» ይላሉ። ነገር ግን ይህን መደመር ለመሥራትም ሆነ ለማረም የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ አንዱ በእጅ ይዞ መደመር፣ ሌላው ደግሞ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለው ፊደል ገበታ። ሁለቱንም አያቶች ከልጆቹ በተሻለ ያውቃሉ።

አያቶች የሚያውቁት «በእጅ አንድ»

በተለመደው ቁጥር 8 እና 7 ስንደምር 15 ይሆናል፤ 5 ጽፈን 1 በእጅ እንይዛለን። ለምን? በአንድ ቤት ውስጥ ከ9 በላይ መጻፍ ስለማይቻል ነው። አሥር ሲሞላ ወደ ግራ ይሻገርና በአሥር ቤት አንድ ሆኖ ይቆጠራል።

አሥር ላይ መሻገር ግን ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። አያቶች ቀን ሲቆጥሩ ይመልከቱ። መስከረም 22 የተባለ ነገር 15 ቀን ቢጨመርበት መቼ ይውላል? 22 እና 15 ሲደመር 37 ነው። ግን «መስከረም 37» የሚል ሰው የለም። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ከ37 ላይ 30 ይነሳል፣ 7 ይቀራል፣ ወሩ አንድ ወደፊት ይሄዳል፤ ጥቅምት 7 ይሆናል። ይህን ያለ ወረቀት የሚሠሩ እናቶች በየቤቱ አሉ። የሠሩት ሥራ በ30 «በእጅ አንድ» ይባላል።

ኮምፒውተር የሚጽፍበት ቁጥርም ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ የሚሻገረው በ10 ወይም በ30 ሳይሆን በ16 መሆኑ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት «ሄክሳዴሲማል» የሚሉት ይህንኑ ነው። ሕጉ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ *ድምሩ 16 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 16 ቀንስ፣ የቀረውን ጻፍ፣ 1 በእጅ ያዝ።*

ለምን አሥራ ስድስት?

ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ነው፤ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። አራት ማብሪያዎች ጎን ለጎን ቢኖሩ በስንት ዓይነት ሊበሩና ሊጠፉ ይችላሉ? ሁለት ጊዜ ሁለት፣ ጊዜ ሁለት፣ ጊዜ ሁለት፤ 16 ይሆናል። ስለዚህ የአራት ማብሪያዎችን ሁኔታ በአንድ ምልክት ለመጻፍ 16 ምልክቶች ያስፈልጋሉ።

ከ0 እስከ 9 ያሉት ምልክቶች አሥር ብቻ ናቸው። የጎደሉት ስድስት ምልክቶች ከላቲን ፊደል ተወሰዱ፤ A ማለት 10፣ B 11፣ C 12፣ D 13፣ E 14፣ F ደግሞ 15 ነው። እዚህ ላይ ፊደልነታቸውን መርሳት ይገባል። A «ኤ» ብሎ ከማንበብ ይልቅ «አሥር» ብሎ ማንበብ ይሻላል።

በግእዝ ቁጥር ላደጉ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በእኛ ቁጥር አሥር የሚጻፈው ፲ ተብሎ በአንድ ምልክት ነው፤ 10 ተብሎ በሁለት ምልክት አይደለም። ኮምፒውተሩም A ብሎ አሥርን በአንድ ምልክት ጻፈ። የተለየው ከእኛ ቀጥሎ እስከ አሥራ አምስት ድረስ ለየአንዳንዱ የራሱን ምልክት መስጠቱ ነው።

ቤቶቹም ስማቸው ይለወጣል። በተለመደው ቁጥር ከቀኝ ወደ ግራ የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤት፣ የመቶ ቤት እንላለን። እዚህ ግን የአንድ ቤት፣ የ16 ቤት፣ የ256 ቤት እና የ4,096 ቤት ናቸው። እያንዳንዱ ቤት በስተቀኙ ያለው ቤት 16 ጊዜ ተባዝቶ የሚገኝ ነው።

ከ«ለ» እስከ «ሏ»

አሁን ፊደል ገበታውን እናምጣው። ኮምፒውተርና ስልክ የዓለምን ፊደላት ሁሉ የሚያስቀምጡበት የጋራ መዝገብ አለ፤ ዩኒኮድ ይባላል። የኢትዮጵያ ፊደል በዚህ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደሎቻችን የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለነበር፣ በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ላይ ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ፊደል ዝርክርክ ሆኖ ይታይ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ፊደል ለዓለም ሁሉ አንድ የታወቀ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም የሚጻፈው በዚሁ በአሥራ ስድስት አጻጻፍ ነው።

የእኛ መዝገብ የሚጀምረው ከ1200 ነው፤ እሱም «ሀ» ነው። እያንዳንዱ የፊደል ረድፍ ስምንት ወንበር ተሰጥቶታል፤ ሰባቱ ለሰባቱ ድምፆች፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላሉት ነው። ስለዚህ «ሀ» 1200 ላይ ሲጀምር፣ «ለ» 1208 ላይ ይጀምራል። የ«ለ» ረድፍ ይህን ይመስላል፦

```
ለ 1208    ሉ 1209    ሊ 120A    ላ 120B
ሌ 120C    ል 120D    ሎ 120E    ሏ 120F
```

ይህን አንድ ረድፍ ጣትዎን እያስኬዱ ከልጁ ጋር ያንብቡት። ለ ስምንት፣ ሉ ዘጠኝ፣ ሊ አሥር፣ ላ አሥራ አንድ፣ ሌ አሥራ ሁለት፣ ል አሥራ ሦስት፣ ሎ አሥራ አራት፣ ሏ አሥራ አምስት። ከዘጠኝ በኋላ ቤቱ አልሞላም፤ ገና ስድስት ምልክቶች ነበሩት።

ከ«ሏ» ቀጥሎ ያለው «ሐ» ነው። 120F ላይ 1 ሲደመር F (15) እና 1 አሥራ ስድስት ይሆናል። ቤቱ ሞላ። 16 ሲቀነስ 0 ይቀራል፣ 1 በእጅ። በ16 ቤት የነበረው 0 በእጅ ያለውን 1 ሲጨምር 1 ይሆናል። መልሱ 1210 ነው፤ እውነትም «ሐ» የተቀመጠው 1210 ላይ ነው። ልጁ በዚህ መንገድ መሻገርን በዓይኑ ያያል፤ አንዱ የፊደል ረድፍ አልቆ ሌላው ሲጀምር ቁጥሩም ይሻገራል።

«ቤቴል» በኮምፒውተር ቁጥር

ማንኛውንም ፊደል ለማግኘት የረድፉን መነሻ ይወስዱና የድምፁን ተራ ይደምሩበታል። ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ ብሎ የተማረ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልብ ማለት አለበት። ግእዙ መነሻው ራሱ ስለሆነ የሚደመርበት 0 ነው። ስለዚህ ካዕብ 1፣ ሣልስ 2፣ ራብዕ 3፣ ኃምስ 4፣ ሳድስ 5፣ ሳብዕ 6 ይደመርበታል። ሁልጊዜ ከስሙ አንድ ይቀነሳል ማለት ነው።

የሰፈራችንን ስም እንጻፍ። «ቤ» የ«በ» ኃምስ ነው፤ «በ» 1260 ላይ ስለሆነ 4 ሲደመር 1264። «ቴ» የ«ተ» ኃምስ ነው፤ 1270 እና 4፣ 1274። እስካሁን መሻገር የለም። «ል» የ«ለ» ሳድስ ነው፤ 1208 እና 5። እዚህ ላይ 8 እና 5 አሥራ ሦስት ይሆናል። አሥራ ሦስት ከ16 ያንሳል፤ ስለዚህ አይሻገርም፣ D ተብሎ እዚያው ይጻፋል። መልሱ 120D ነው። ሦስቱ ተያይዘው 1264፣ 1274፣ 120D፤ ቤቴል።

ልጁ በተለመደው መንገድ ቢደምረውስ? 8 እና 5 አሥራ ሦስት፣ 3 ጽፎ 1 በእጅ ይይዝና 1213 ይላል። 1213 ላይ የተቀመጠው «ሓ» ነው። ሰፈራችን «ቤቴሓ» ሆነች። ሳድስ ስድስተኛ ነው ብሎ 6 የደመረ ልጅ ደግሞ 120E ያገኛል፤ እሱም «ሎ» ነው። ይሄኛው «ቤቴሎ» አለን። ከጦር ኃይሎች የሚነሳው ታክሲ ረዳት «ቤቴሓ! ቤቴሓ!» እያለ ሲጣራ ይታሰበኝና ከልጆቹ ጋር እንስቃለን። ቁምነገሩ ግን ሳቁ አይደለም። የመጀመሪያው ልጅ ያለጊዜው ተሻገረ፤ ሁለተኛው መደመሩን ያውቃል፣ የሳተው ቆጠራውን ከዜሮ መጀመሩን ነው። ሁለቱም «ተሳስተሃል» ቢባሉ አንዱ ከሌላው አይለይም። የወጣው ፊደል ግን ይለያቸዋል።

አሥር ሲጠበቅ ሰባ

የግእዝ ቁጥሮችም በመዝገቡ ውስጥ አሉ። ፩ የተቀመጠው 1369 ላይ ነው። ከ፩ ተነስተን ዘጠኝ እርምጃ ስንሄድ ፲ ላይ መድረስ አለብን። አንድ ልጅ 1369 ላይ 9 ደምሮ 1378 የሚል መልስ ይዞ መጣ። በተለመደው ቁጥር ከሆነ ምንም ስህተት የለበትም። በመዝገቡ 1378 ላይ ያለው ግን ፸ ነው፤ ሰባ።

አብረውት የነበሩት አያቱ ሰንጠረዡን አዩና «የኔ ልጅ፣ ከአንድ ተነስተህ በዘጠኝ እርምጃ ሰባ ከገባህማ መንገድ ላይ ዘለሃል» አሉት። እውነታቸውን ነው። 9 እና 9 አሥራ ስምንት ነው። 16 ሲቀነስ 2 ይቀራል፣ 1 በእጅ። በ16 ቤት 6 ነበረ፣ በእጅ ያለው 1 ሲጨመር 7። መልሱ 1372 ነው፤ እዚያ የተቀመጠው ፲ ነው።

ልጁ ምን እንዳደረገ ልብ ይበሉ። መሻገሩን አልረሳም፤ 1 በእጅ ይዟል። የሳተው ከአሥራ ስምንት ላይ 16 መቀነስ ሲገባው 10 መቀነሱን ነው። ስለዚህ መልሱ ከትክክለኛው በ6 በለጠ። በአሥር የለመደ እጅ ተሻግሮ በተሳሳተበት ቤት ሁሉ ትርፉ 6 ነው፤ 16 እና 10 የሚለያዩት በ6 ስለሆነ። ደብተር የሚያርም ወላጅ ይህን አንድ ምልክት ይያዝ፤ የአንድ ቤት መልስ ከትክክለኛው በ6 ከበለጠ፣ ልጁ በ16 ፈንታ በ10 ተሻግሯል።

ጀምበር ደምበር ስትሆን

አሁን መነሻችን ላይ ወደ ነበረው ጥያቄ እንመለስ። 12F8 ላይ የተቀመጠው «ዸ» ነው፤ አፋን ኦሮሞ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ለአንዱ ድምፁ የሚያገለግል ፊደል ነው። ከእሱ ስምንት ወንበር ወደፊት ሲሄዱ የሚቀጥለው ረድፍ መነሻ ይገኛል፤ እሱም «ጀ» ነው። ይህ መደመር የተመረጠው ሁለት ጊዜ በተከታታይ ስለሚሻገር ነው።

```
    1 1
  1 2 F 8
+       8
---------
  1 3 0 0
```

ከቀኝ እንጀምር። 8 እና 8 አሥራ ስድስት ነው። 16 ሲቀነስ 0፤ 0 ጽፈን 1 በእጅ። በቀጣዩ ቤት F፣ ማለትም 15 አለ። በእጅ ያለው 1 ሲጨመርበት እሱም አሥራ ስድስት ሆነ። እንደገና 0 ጽፈን 1 በእጅ። በሦስተኛው ቤት 2 እና 1፣ 3። በአራተኛው 1 እንዳለ ይወርዳል። መልሱ 1300 ነው።

F ያለበት ቤት ልክ እንደ 9 ነው፤ ትንሽ ሲነካ ይሞላል። በተለመደው ቁጥር 1298 ላይ 8 ስንደምር መሻገሩ እስከ መቶ ቤት እንደሚደርሰው ሁሉ፣ እዚህም ከF የሚመጣው መሻገር ይቀጥላል። ልጆች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ጀምበር» የሚለውን ቃል እንውሰድና ስህተቶቹን እንያቸው።

የመጀመሪያውን በእጅ የያዘውን 1 የረሳ ልጅ 12F0 ይጽፋል። 12F0 ላይ ያለው «ደ» ነው፤ ጀምበር «ደምበር» ሆነች። የመጀመሪያውን አስታውሶ ሁለተኛውን የረሳው 1200 ያገኛል። እሱ ደግሞ ከሁሉ መጀመሪያ ያለው «ሀ» ነው፤ «ሀምበር»። ወደፊት ሊሄድ ተነስቶ ወደ ገበታው መጀመሪያ ተመለሰ ማለት ነው። በሁለቱም ቤት በአሥር የተሻገረው ልጅ 6 እና 6 ይጽፍና 1366 ይላል። እዚያ ያለው ፊደል እንኳ አይደለም፤ «፦» የሚለው ሥርዓተ ነጥብ ነው።

ሦስት የተለያዩ መልሶች፣ ሦስት የተለያዩ ስህተቶች። «ደ» ያለውን ልጅ የመጀመሪያውን 1 ከላይ ትንሽ አድርጎ እንዲጽፍ መንገር ይበቃዋል። «ሀ» ያለው መሻገር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ስለመሰለው ነው፤ እሱ F ላይ 1 ሲጨመር ምን እንደሚሆን ለብቻው ይለማመድ። «፦» ያለው ደግሞ ወደ «ለ» ረድፍ ተመልሶ ከዘጠኝ በኋላ ያሉትን ስድስቱን ምልክቶች እየጠራ ይቁጠር። ሦስቱን በአንድ መድኃኒት ማከም አይቻልም።

ሁለት አኃዝ ሲደመር

እስካሁን የደመርነው ባለ አንድ አኃዝ ቁጥር ነበር። አሁን ከ«ካ» እንነሳ። «ካ» የ«ከ» ራብዕ ነው፤ «ከ» 12A8 ላይ ስለሆነ 3 ሲደመር 8 እና 3 አሥራ አንድ፣ B። ስለዚህ «ካ» 12AB ነው። በእሱ ላይ 5D እንደምር።

```
    1 1
  1 2 A B
+     5 D
---------
  1 3 0 8
```

B 11 ነው፣ D 13 ነው፤ ድምራቸው 24። 16 ሲቀነስ 8፤ 8 ጽፈን 1 በእጅ። ቀጥሎ A 10፣ 5፣ በእጅ 1፤ ድምሩ 16። 0 ጽፈን 1 በእጅ። ከዚያ 2 እና 1፣ 3። የመጨረሻው 1 ይወርዳል። 1308 ሆነ፤ ይህም የ«ገ» ቦታ ነው።

ልብ ይበሉ፤ ፊደሎቹን በቀጥታ ለመደመር አልሞከርንም። B እና D ስንል በሐሳባችን ወደ 11 እና 13 መለስናቸው፣ በለመድነው መንገድ 24 አልን፣ ከዚያ 16 ቀነስን። ልጁም እንዲሁ ይሥራ። የድምር ሰንጠረዥ በቃል መያዝ አያስፈልገውም። ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ በእጅ የሚያዘው ደግሞ ከ1 አይበልጥም። በአንድ ቤት ሊመጣ የሚችለው ትልቁ ድምር 15 እና 15 እና በእጅ 1፣ ማለትም 31 ነው፤ ከ31 ላይ 16 ሲቀነስ 15 ይቀራል፣ እሱም F ነው። ስለዚህ «2 በእጅ» የሚል ነገር ደብተሩ ላይ ካዩ ስህተት አለ።

መልሱን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ለሚፈልግ፣ ሁለቱንም ወደ ተለመደው ቁጥር መመለስ ይቻላል። 12AB ማለት 4,096 እና ሁለት ጊዜ 256፣ አሥር ጊዜ 16፣ በላዩም 11 ነው፤ 4,779 ይሆናል። 5D አምስት ጊዜ 16 እና 13፣ 93 ነው። ድምራቸው 4,872። 1308ንም ብንመነዝረው 4,096፣ ሦስት ጊዜ 256 እና 8 ይሆናል፤ ድምሩ ያው 4,872። ይህን የሚሠራው ግን ልጁ ድምሩን ከጨረሰ በኋላ ነው። አስቀድሞ መንዝሮ ከደመረ በእጅ መያዙን አይማረውም።

ሣጥን ሲመጣ

ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ካለ መልሱን በፊደል ማየት ይቻላል። በዊንዶውስ ላይ `Word` ተከፍቶ 1308 ከተጻፈ በኋላ `Alt` እና `X` አንድ ላይ ሲጫኑ ቁጥሩ ጠፍቶ «ገ» ይተካል። ከቁጥሩ በፊት ሌላ ቁጥር ወይም ፊደል ተጣብቆ እንዳይኖር ባዶ ቦታ መተው ነው። የኮምፒውተሩ ካልኩሌተርም `Programmer` በሚለው ክፍል `HEX` ተመርጦ ይደምራል፤ እሱ ግን መልሱን ብቻ ነው የሚናገረው፣ የስህተቱን ዓይነት አይነግርም።

አንዳንድ ጊዜ ፊደል ሳይሆን ባዶ ሣጥን ይወጣል። ይህ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ኮምፒውተሩ ላይ የአማርኛ የፊደል ቅርጽ አለመጫኑ ነው፤ እንዲህ ከሆነ 1200 ሲጻፍም «ሀ» አይመጣም፣ ሣጥን ነው የሚሆነው። ስለዚህ መጀመሪያ 1200ን ይሞክሩ። «ሀ» በትክክል ከመጣና የልጁ መልስ ብቻ ሣጥን ከሆነ፣ ድምሩ ባዶ ወንበር ላይ አርፏል ማለት ነው። በመዝገቡ ሰው ያልተቀመጠባቸው ወንበሮች አሉ። ለምሳሌ «ቈ» 1248 ላይ ነው፤ ካዕብ ስለሌለው 1249 ባዶ ነው፣ «ቊ» የሚመጣው 124A ላይ ነው። ልጁ 1248 ላይ 1 ደምሮ 1249 ካለ መደመሩ ትክክል ነው፤ ሣጥኑ ስህተትን አያመለክትም። ልጅን ያለጥፋቱ ላለመቆጣት ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

አብረው የሚሠሩት

በመጨረሻ ከልጁ ጋር የሚሠሯቸው ሦስት ድምሮች እነሆ። ሦስቱም ይሻገራሉ፤ አንደኛው ሁለት ጊዜ ይሻገራል። ሦስቱ መልሶች በተራ ሲነበቡ አንድ ቃል ይሰጣሉ።

```
1229 + 7
11FE + D
120F + E
```

በመጀመሪያው 9 እና 7 አሥራ ስድስት ነው፤ 0 ተጽፎ 1 በእጅ፣ ከዚያ 2 እና 1 ሦስት፤ 1230። በሁለተኛው E እና D፣ 14 እና 13፣ ሃያ ሰባት ነው፤ 16 ሲቀነስ 11፣ B ተጽፎ 1 በእጅ። F እና 1 አሥራ ስድስት፣ 0 ተጽፎ 1 በእጅ፤ 1 እና 1 ሁለት፤ 120B። በሦስተኛው F እና E፣ 15 እና 14፣ ሃያ ዘጠኝ ነው፤ 16 ሲቀነስ 13፣ D ተጽፎ 1 በእጅ፣ 0 እና 1 አንድ፤ 121D።

1230 «ሰ» ነው፤ 120B «ላ»፤ 121D «ም»። ከደብተሩ ላይ ሌላ ቃል ከወጣ የትኛው ፊደል እንደተለወጠ ይመልከቱ፤ የተሳሳተው ድምር እሱ ነው።